ስለ ግቢው ዋይፋይ መቋረጥ ለሀጂ የተላከ መልእክት

አሰላሙ ዓለይኩም ሀጂ፣

እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰቡስ እንዴት ነው? የቡናው ለቀማስ እንዴት ይዞዎታል? በዚህ ሰሞን አጋሮ ላይ ፋታ እንደሌለዎት ስለምናውቅ ደውለን ከሥራ ልናስተጓጉልዎት አልፈለግንም። ሲመቸዎት ረጋ ብለው እንዲያዩት በጽሑፍ ይሁን ተባብለናል። እዚህ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። ቤቱም ግቢውም ሰላም ነው።

ጉዳያችን የግቢው ዋይፋይ ነው። ማክሰኞ ማታ ጅማ ላይ ነጎድጓድ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ጥሎ ነበር። መብራትም ጠፍቶ ሌሊት ላይ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔት የለም። ለእርስዎ ከመናገራችን በፊት በእጃችን ያለውን ሁሉ እንሞክር ብለን ያየነውን ከዚህ በታች ጽፈናል። ትንሽ ይረዝማል፤ ነገር ግን ሳያስፈልግ አዲስ ራውተር ገዝተው ወጪ እንዳይወጡ ብለን ነው።

መጀመሪያ ያየነው መብራቱን ነው። የቆጣሪው ካርድ ሂሳብ አለው፤ ብሬከሩም አልወደቀም። ኮሪደሩ ላይ ራውተሩ የሚሰካበት ሶኬት ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክተን በደንብ ቻርጅ አድርጓል። ምናልባት ማከፋፈያው ይሆናል ብለን ራውተሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካነው። ለውጥ የለውም። የፓወር መብራቷ ብልጭ ትልና ትጠፋለች፤ መልሳ ብልጭ ትላለች።

ስለዚህ አዳፕተሩን ጠረጠርን። እንደሚያውቁት ፎቅ ያለው ልጅ ቂጦ ፉርዲሳ ኤሌክትሪካል ነው የሚማረው። ሙልቲሜትሩን ይዞ መጣና ለካው። አዳፕተሩ ብቻውን ሲለካ 12 ቮልት ያሳያል። ራውተሩ ላይ ሲሰካ ግን ቮልቱ ክፉኛ ይወርዳል፤ ጭነት አይችልም ማለት ነው። እላዩ ላይ የተጻፈው 12 ቮልት 1 አምፔር ነው። ከእኛ አንዷ የዲሽ ሪሲቨር አዳፕተር ነበራት። ቁጥሩ ያው ነው፤ የሚሰካው ጫፍም ልክ ነው፤ ፕላስና ማይነሱም አንድ ዓይነት መሆኑን ልጁ አረጋግጧል። እሱን ስንሰካው ራውተሩ ተነሳ። ፓወሯ አሁን አትጠፋም፤ የዋይፋይ ስሙም ስልካችን ላይ ይታያል። አዳፕተሩ መበላሸቱን በዚህ አወቅን።

ደስ ብሎን ነበር፤ ግን ኢንተርኔቱ አልመጣም። ዲኤስኤል የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ ረግቶ አይበራም። እሱ ካልረጋ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው መስመር አልተያዘም ማለት ነው። በስልክ 192.168.1.1 ብለን የራውተሩን ገጽ ከፍተን አየን፤ እዚያም የመስመሩ ሁኔታ Down ይላል። አጥፍተን ጥቂት አቆይተን መልሰን አብርተናል። የስልክና የኢንተርኔት መስመሩን የምትለየዋን ትንሿን ነጭ ስፕሊተር አውጥተን ገመዱን በቀጥታ ሰክተናል። ከግድግዳው እስከ ራውተሩ ያለችውን ቀጭን ገመድም በሌላ ቀይረናል። ሁሉም ያው ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ነገሩን የገለጠልን የቤት ስልኩ ነው። ራውተሩን ነቅለን ስልኩን ብቻውን ግድግዳው ላይ ሰካነው። የመደወያ ድምፅ የለውም፤ ጆሮ ላይ ሲያደርጉት ይንኮሻኮሻል። ስልኩ ይሆናል ብለን ከጎረቤት ሌላ ተውሰን ሞከርን፤ እሱም እንደዚያው። ስልክም ኢንተርኔትም የሚመጡት በዚያው ሽቦ ስለሆነ፣ ሁለቱም በአንድ ሌሊት ከጠፉ ችግሩ ያለው ሽቦው ላይ ነው ብለን እናምናለን። የጎረቤቶቻችን ኢንተርኔት ይሠራል፤ ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ የተቋረጠበት አይደለም።

ወጥተን ስናይ ከአቮካዶው ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ ተሰብሮ ሽቦው ላይ ተንጋሏል። ሽቦው ከቆርቆሮው አጥር በላይ ረግቧል። ግድግዳው ጋ የተቀጠለበት ቦታ ላይም ፕላስተሩ ተላቆ እርጥበት ገብቶበታል። በእጃችን አልነካነውም። ዝናብ ላይ ነበር፤ ደግሞም የመብራት ገመዱ እዚያው አጠገቡ ነው የሚያልፈው። ጋሽ ተማም መጥረቢያ ይዘው ቅርንጫፉን ሊያነሱት ነበር፤ እባክዎ ይቆይ፣ ሙያተኛ ይየው ብለን ለምነናቸዋል። ልጆቹም በዚያ በኩል እንዳይጫወቱ ነግረናቸዋል።

አንድ ነገር ሆን ብለን ያላደረግነው አለ። ከራውተሩ ጀርባ በመርፌ የምትጫነዋን ሪሴት አልነካንም። እሷ ከተነካች የኢንተርኔቱ መግቢያ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጠፋል፤ ያ ወረቀት ደግሞ ያለው እርስዎ ጋ ነው። ማንም እንዳይነካት ሁላችንም ተስማምተናል።

እንግዲህ ሀጂ፣ ልመናችን ይህ ነው። መስመሩ የተመዘገበው በእርስዎ ስም ስለሆነ እኛ ብናመለክት ላይቀበሉን ይችላሉ። ሲመቸዎት ቴሌ ደውለው፣ የቤት ስልኩን ቁጥር ሰጥተው መስመሩ መቋረጡን ቢያስመዘግቡልን። የስልክ ድምፅም እንደሌለው ቢነግሯቸው ጥሩ ነው፤ ቶሎ ይገባቸዋል። የወሩ ሂሳብ ከኪራዩ ጋር እንደሚከፈል እናውቃለን፤ ስለእሱ ጥያቄ የለንም። ምናልባት ስልክዎ ላይ ከእነሱ የመጣ መልእክት ካለ ግን አንዴ ቢያዩልን። መታወቂያ ወይም ደብዳቤ ከጠየቁ ፎቶውን ብቻ ይላኩልን፤ ከእኛ አንዱ ይዞ ሄዶ ይጨርሳል። ከአጋሮ ድረስ ለዚህ ብለው እንዳይደክሙ።

አዲስ ራውተር ግን እባክዎ አሁን አይግዙ። ሽቦው ከተስተካከለ በኋላ ዲኤስኤሉ ረግቶ ከበራ ያለው ራውተር ደህና ነው። ካልበራ ያኔ እንነጋገራለን። አዳፕተሩን እኛ አዋጥተን መርካቶ ካሉት ሱቆች እንገዛለን፤ የተዋስነውንም ለባለቤቷ እንመልሳለን። ሁላችንም የምንጠቀምበት ስለሆነ ይህን ወጪ እርስዎ ላይ መጣል ተገቢ አይመስለንም። ከኪራይም አንቀንስም።

ሌላው የአቮካዶው ነገር ነው። ሙያተኞቹ ሽቦውን ካነሱ በኋላ ወደ መስመሩ የተዘረጉትን ቅርንጫፎች ጋሽ ተማም እንዲቆርጧቸው ይፈቅዱልናል? ዛፉን እንደሚወዱት ስለምናውቅ ያለ ፈቃድዎ አንዲት ቅርንጫፍ አንነካም። ወደፊትም ነጎድጓድ ሲጀምር ራውተሩንና የስልክ ገመዱን የሚነቅል ሰው በተራ መድበናል። የጅማ ዝናብ ገና እንዳልለቀቀን ያውቁታል።

አስቸኳይነቱን ስንገልጽ ልናጨናንቅዎት ፈልገን አይደለም። ፎቅ ያለው ልጅ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያስገባበት ቀን ደርሷል። ሆስፒታል የምትሠራው እህታችን ማታ ማታ በኢንተርኔት ትምህርት አላት። እትዬ ዘነቡ ደግሞ ቤሩት ካለችው ልጃቸው ጋር የሚገናኙት በዚሁ ዋይፋይ ነው፤ ድምፅዋን ካልሰሙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ለጊዜው በስልክ ፓኬጅ ሆትስፖት እየከፈትን እየተረዳዳን ነው፤ ግን ለሁሉም አይበቃም፤ ቶሎም ያልቃል።

የአዳፕተሩን፣ የራውተሩን መብራቶችና የረገበውን ሽቦ ፎቶ ከዚህ መልእክት ጋር ልከናል። ሙያተኛ ከመጣ የኮሪደሩ ቁልፍ ጋሽ ተማም ጋ ነው፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ደግሞ እኔ ቤት አለሁ። መደወል ከቀለለዎት በማንኛውም ሰዓት ይደውሉልኝ።

አላህ ምርቱን ይባርክልዎ። ለሀጂያ ሰላምታችንን ያድርሱልን።

ሰላማዊት፣ ከጓሮው ቤት
በግቢው ተከራዮች ሁሉ ስም