የ«ሱቅ ቁጥር» ክፍያ በጎጃም፦ የማስጀመሪያ ዕቅድና የጊዜ ሰሌዳ

ለ፦ ምርት፣ ሽያጭ፣ ሕግና ቁጥጥር፣ ጥሪ ማዕከል፤ እንዲሁም ለደብረ ማርቆስና ለፍኖተ ሰላም የመስክ ቡድኖች
ከ፦ ፕሮጀክት አስተባባሪ፣ ደብረ ማርቆስ
ቀን፦ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

አገልግሎቱ

እያንዳንዱ ሱቅ ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር ይሰጠዋል። ገዢው በአጭር ቁጥር ወይም በመተግበሪያ ገብቶ የሱቁን ቁጥርና የብሩን ልክ ይመታል፤ ገንዘቡ ወዲያው ባለሱቁ ሂሳብ ላይ ይገባል፤ ለባለሱቁም በአማርኛ መልእክት ይደርሰዋል። ኪውአር ኮድ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ነገር ግን ዕቅዱ የታሰበው ባለቁልፍ ስልክ ለያዘ ነጋዴ ነው። በዚያ ስልክ ላይ ያልሠራ ነገር እንደተጠናቀቀ አይቆጠርም።

ከማን እንጀምራለን?

ከጅምላ ነጋዴው። የመጀመሪያው ረቂቅ በቀጥታ ወደ ሱቆች ይገባ ነበር፤ እኔ አልተስማማሁበትም። ባለሱቁ በስልኩ የገባለትን ብር ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና ለሚያመጣለት ሰው መክፈል ካልቻለ ወኪል ፍለጋ ይዞራል። ወኪሉ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጥሬ ብር አልቆበታል። በማግስቱ ባለሱቁ ገዢውን «ኔትወርክ የለም፣ በእጅህ ካለህ ስጠኝ» ይለዋል። ገንዘቡ የሚገባበትን በር ከመክፈታችን በፊት የሚወጣበትን እናዘጋጅ።

ከጥቅምት 4 እስከ 20፦ ጅምላ ነጋዴዎች

የሽያጭ ክፍል በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ቢያንስ 18 ጅምላ ነጋዴዎችን ይመዘግባል። ምዝገባው መጋዘናቸው ድረስ ተሄዶ ነው፤ ስብሰባ አይጠራም። የጅምላ ነጋዴ የቀን የዝውውር ጣሪያ ከባለሱቅ የተለየ ስለሆነ የሕግና ቁጥጥር ክፍል እስከ ጥቅምት 10 በጽሑፍ ያሳውቅ። ለአዲሱ አገልግሎት ከብሔራዊ ባንክ የምንጠብቀው ማረጋገጫ በእጃችን ሳይገባ ከሙከራ በላይ አንሄድም፤ የቀሩት ቀኖች በሙሉ በዚህ ላይ የቆሙ ናቸው።

ከጥቅምት 24 እስከ 28፦ የመስክ ሠራተኞች ሥልጠና

ሁለት ነገር በደንብ ይለመድ።

አንደኛው የሐሰት መልእክት ነው። ገዢ ነኝ ባይ የትናንቱን መልእክት ወይም ራሱ የጻፈውን ያሳያል፤ ሱቁ ሰው በሞላበት ሰዓት ባለሱቁ በጨረፍታ አይቶ ዕቃውን ይሰጣል። ስለዚህ የምናስተምረው አንድ ልማድ ነው፦ የገዢውን ስልክ አትይ፣ የራስህን እይ። የራስህ ካልጮኸ በአጭር ቁጥሩ ገብተህ «የመጨረሻ ሦስት ክፍያዎች» የሚለውን ተመልከት። እዚያም ከሌለ ዕቃው አይወጣም። ሠራተኞቻችን ይህን እርስ በርሳቸው ገዢና ሻጭ ሆነው ይለማመዱት።

ሁለተኛው ተራ ነገር ይመስላል። ባለቁልፍ ስልክ የመልእክት ሳጥኑ ሲሞላ አዲስ መልእክት አይቀበልም፤ ጥግ ላይ ትንሽ የፖስታ ምልክት ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ባለሱቁ ገንዘቡ የጠፋ ይመስለዋል። ሠራተኛው ሱቅ ሲመዘግብ በነጋዴው ፈቃድ አብሮት የቆዩ የማስታወቂያ መልእክቶችን ያጥፋ፣ እንዴት እንደሚጠፋም ያሳየው። ይህ በምዝገባ ቅጹ ላይ ተጨምሯል።

ስለ ግብር የሚነሳውን ጥያቄ ማንም እንዳያድበሰብሰው። «ግብር ቢሮ ያየዋል ወይ?» መባሉ አይቀርም፤ ነጋዴው ከምንም በላይ የሚፈራው የሐምሌ ግምት ነው። «አያየውም» ያለ ሠራተኛ ዋሸ ማለት ነው። መልሱ ይህ ነው፦ መዝገቡን እኛ ለማንም ወስደን አንሰጥም፤ በሕግ አግባብ ከተጠየቅን ግን እንሰጣለን። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ያለብንን ግዴታ የሚያስረዳ አንድ ገጽ የሕግ ክፍል በቀላል አማርኛ ያዘጋጃል። አንዳንዱ ነጋዴ ይህን ሰምቶ ይቀርብናል። ይቅር።

ከኅዳር 1 እስከ 21፦ ሙከራ በደብረ ማርቆስ

30 ሱቆች፦ ሸቀጣ ሸቀጥ፣ ዳቦ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ ሁለት ሥጋ ቤትና ሁለት ሻይ ቤት። ከዩኒቨርሲቲው አካባቢ 8 እንወስዳለን፤ ተማሪው በስልክ መክፈል ለምዷል። የቀሩት 22 ግን ከገበያው ዙሪያ ይሁኑ። ተማሪ ሠፈር ላይ ተሳክቶ ገበያ ላይ የሚወድቅ ነገር አንፈልግም።

መብራት በጠፋ ቀን ምን እንደሚሆን ሳናይ ሙከራው አይዘጋም። በእያንዳንዱ ሱቅ ክፍያው ከተላከ በኋላ መልእክቱ ለመድረስ የፈጀው ጊዜ ይመዝገብ።

ኅዳር 22፦ እንቀጥል ወይስ እንቁም?

ለመቀጠል፦ ከመቶ 95 ክፍያዎች መልእክታቸው በ20 ሴኮንድ ውስጥ የደረሰ፤ ከ30ው ሱቆች 20ው በመጨረሻው ሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ ለጅምላ ነጋዴ በዚሁ የከፈሉ፤ ከ24 ሰዓት በላይ ያደረ የተንጠለጠለ ክፍያ የሌለ። ሁለተኛው ካልተሟላ የቀሩት ቢያምሩም ሁለት ሳምንት እናራዝማለን። ውሳኔው የምርት ኃላፊዋ ነው።

ታኅሣሥ 6፦ ይፋ ጅምር

ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ። ቀኑ የተመረጠው እህል ተወቅቶ ወደ ገበያ መውጣት ሲጀምር፣ በገበሬውም እጅ ገንዘብ ሲገባ ስለሆነ ነው። መድረክ፣ ድንኳንና ቲሸርት የለም፤ ያ በጀት ወደ ጥሪ ማዕከል ዞሯል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ስልክ የሚያነሳ ሰው ይኖራል።

ባለሱቁ እስከ ሰኔ 30 ምንም የአገልግሎት ክፍያ አይከፍልም። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ተመን ግንቦት ላይ እናሳውቃለን፤ ሠራተኞች «ለዘላለም ነጻ» እንዳይሉ።

ከታኅሣሥ 20 እስከ ጥር 13፦ ምንም አይነካም

ገናና ጥምቀት ናቸው። በሲስተሙ ላይ ማሻሻያ አይጫንም፤ አዲስ ከተማም አይከፈትም። የመስክ ቡድኑ የተመዘገቡትን ሱቆች ይጎበኛል፣ የወኪሎች ጥሬ ብር እንዳያልቅ ይከታተላል።

ከጥር 18 እስከ የካቲት 8፦ መስፋፋት

ጥር 18 ደጀን፣ ሉማሜ፣ አማኑኤልና ደምበጫ። ጥር 25 እንጅባራና ዳንግላ፤ በጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሰሞን እንጅባራ ላይ ሱቅ ለሱቅ መዞር አይቻልም፣ ባለሱቁም ጊዜ የለውም። ለእነዚህ ሁለት ከተሞች አገውኛ የሚናገሩ ሁለት ሠራተኞች ይመደባሉ። የካቲት 2 ቢቸናና ሞጣ።

መንገድ ወይም ኔትወርክ የተቋረጠበት ከተማ ይዘለላል፤ ሲከፈት በሁለት ሳምንት ውስጥ እንመለሳለን። ዕቅዱን ለማሟላት ብሎ ሠራተኛን አደጋ ላይ የሚጥል አስተባባሪ አይኖርም። የየቀኑን ጉዞ ቡድን መሪው በቦታው ሆኖ ይወስናል።

ከየካቲት 9 እስከ ሚያዝያ 19፦ ክትትል

የካቲት 9 ዐቢይ ጾም ይገባል። የሥጋ ቤቶች ክፍያ ይወርዳል፣ የእንቁላልና የቅቤም እንዲሁ፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ሪፖርቱን አይቶ እንዳይደነግጥ ከወዲሁ ይታወቅ። በዚህ ጊዜ የምንለካው ሸቀጣ ሸቀጥና መድኃኒት ቤቶችን ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለሚውል ከመጋቢት 25 ጀምሮ እንደ ገናው ምንም አይነካም። ሚያዝያ 19 ሁሉም ክፍሎች ደብረ ማርቆስ ላይ ተገናኝተው የዱቤ መዝገብ የሚይዘው የአገልግሎቱ ሁለተኛ ክፍል ከክረምት በፊት ይጀመር አይጀመር ይወስናሉ። ዱቤ የሚበዛው ክረምት ላይ ስለሆነ ከዚያ ማለፍ የለበትም።

በዚህ ዕቅድ ላይ አስተያየት ያለው ክፍል እስከ ጥቅምት 7 በጽሑፍ ይላክልኝ። የጅምላ ነጋዴዎች ምዝገባ ግን አስተያየት ሳይጠብቅ ነገ ይጀመራል።