ሁለት ንዑስ ድርድሮች፣ ሁለት ሊሚቶች፦ የሦስተኛው ጥያቄ መልስና ማብራሪያ

ባለፈው የቤት ሥራ ሦስተኛው ጥያቄ aₙ = cos(nπ/3) የሚለው ድርድር ሊሚት እንደሌለው አረጋግጡ የሚል ነበር። ከመጡልኝ መልሶች አብዛኞቹ «ድርድሩ ከፍ ዝቅ ስለሚል ሊሚት የለውም» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የተዘጉ ናቸው። መደምደሚያው እውነት ቢሆንም ምክንያቱ ግን ምክንያት አይደለም። bₙ = (−1)ⁿ/n የሚለውም ድርድር በእያንዳንዱ እርምጃ ከአሉታዊ ወደ አዎንታዊ እየዘለለ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሆኖም ሊሚቱ 0 ነው። ስለዚህ መወዛወዝ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። መታየት ያለበት ድርድሩ የቱንም ያህል ርቀን ብንሄድ ተራርቀው በሚቀሩ ሁለት ቦታዎች ዙሪያ እየተመላለሰ መሆኑ ነው፤ ይህንን በትክክል የምንናገርበት ቋንቋ ደግሞ የንዑስ ድርድር ቋንቋ ነው።

የአንድ ድርድር ንዑስ ድርድር የሚባለው n₁ < n₂ < n₃ < … የሆኑ የመቁጠሪያ ቁጥሮችን መርጠን በእነዚያ መለያ ቁጥሮች ላይ ያሉትን አባላት ብቻ በቀድሞ ቅደም ተከተላቸው ስንወስድ የምናገኘው ድርድር ነው። በዚህ ትርጉም ውስጥ ክብደት ያለው ነገር የ «<» ምልክት ነው። መለያ ቁጥሮቹ ወደ ኋላ ሊመለሱም ሆነ አንዱን አባል ደጋግመው ሊወስዱ አይችሉም። ከዚህም n₁ ≥ 1 በመሆኑና እያንዳንዱ ቀጣይ መለያ ቁጥር ከቀዳሚው ቢያንስ በ1 ስለሚበልጥ፣ ለማንኛውም k ዘንድ nₖ ≥ k መሆኑ በኢንዳክሽን ወዲያው ይገኛል። ይህች ትንሽ ኢ-እኩልነት የማረጋገጫው ሁሉ ምሰሶ ናት።

ቲዎረም። aₙ ወደ L የሚሄድ ከሆነ ማንኛውም የ aₙ ንዑስ ድርድር ወደዚያው ወደ L ይሄዳል።

ማረጋገጫ። ε > 0 ይሰጠን። aₙ ወደ L ስለሚሄድ n ≥ N በሆነ ቁጥር ሁሉ |aₙ − L| < ε የሚሆንበት N አለ። አሁን k ≥ N ከሆነ nₖ ≥ k ≥ N ስለሆነ |aₙₖ − L| < ε ይሆናል። ε የትኛውም አዎንታዊ ቁጥር ስለነበረ ንዑስ ድርድሩ ወደ L ይሄዳል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ለሙሉው ድርድር የተገኘው N ለንዑስ ድርድሩም ሳይለወጥ ማገልገሉ ነው፤ ምክንያቱም ንዑስ ድርድሩ ከዋናው ቀድሞ ይሮጣል እንጂ ወደ ኋላ አይቀርም። ከዚህ ቲዎረም የምንፈልገው ውጤት ያለ ተጨማሪ ድካም ይወጣል፦ አንድ ድርድር ሁለት ንዑስ ድርድሮች ኖረውት አንዱ ወደ L፣ ሌላው ከ L ወደሚለየው M የሚሄዱ ከሆነ ድርድሩ ራሱ ሊሚት የለውም። ሊሚት ቢኖረውና S ብንለው፣ ሁለቱም ንዑስ ድርድሮች ወደ S መሄድ ስለሚኖርባቸውና የአንድ ድርድር ሊሚት አንድ ብቻ ስለሆነ L = S = M ይሆን ነበር፤ ይህም L ≠ M ከሚለው ጋር ይጋጫል።

የሦስተኛው ጥያቄ ሙሉ መልስ በፈተና ወረቀት ላይ ማየት የምፈልገው እንዲህ ተጽፎ ነው።

«aₙ = cos(nπ/3) ይሁን። nₖ = 6k ብንወስድ መለያ ቁጥሮቹ እያደጉ ይሄዳሉ፤ aₙₖ = cos(2kπ) = 1 ለማንኛውም k ስለሆነ ይህ ንዑስ ድርድር ወደ 1 ይሄዳል። mₖ = 6k + 3 ብንወስድ ደግሞ aₘₖ = cos(2kπ + π) = −1 ለማንኛውም k ስለሆነ ይህኛው ወደ −1 ይሄዳል። 1 ≠ −1 በመሆኑ aₙ ሊሚት የለውም።»

ከዚህ በላይ አያስፈልግም፤ ከዚህ ያነሰም አይበቃም። መለያ ቁጥሮቹ በግልጽ መሰየም፣ የሁለቱም ሊሚት መሰላት፣ የሁለቱ አለመተካከልም መነገር አለበት። «ተጋማሽ መለያ ቁጥሮችንና ኢ-ተጋማሾቹን ውሰድ» የሚለው ልማድ ለ (−1)ⁿ ጥሩ ቢሠራም እዚህ ላይ አይሠራም፦ ተጋማሾቹ ላይ ያሉት አባላት −1/2, −1/2, 1, −1/2, −1/2, 1, … እያሉ ስለሚቀጥሉ ራሳቸው ሊሚት የላቸውም። ትክክለኛውን ምርጫ የሚነግረን የድርድሩ የራሱ ዑደት ነው፤ ይህኛው በየ6 አባላቱ ስለሚደጋገም 6ን ይዘን ጀመርን።

ከወረቀቶቹ ውስጥ አንዱ የ6kንና የ12kን ንዑስ ድርድሮች ወስዶ ሁለቱም ወደ 1 ስለሚሄዱ የድርድሩ ሊሚት 1 ነው ብሎ ደምድሟል። ሊሚታቸው አንድ የሆነ ሁለት ንዑስ ድርድሮች ስለ ሙሉው ድርድር በአጠቃላይ ምንም አይናገሩም። ሁለቱ በአንድነት ሁሉንም መለያ ቁጥሮች የሚሸፍኑ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ አንዱ ተጋማሾቹን ሌላው ኢ-ተጋማሾቹን ሲይዝ፣ የጋራ ሊሚታቸው የድርድሩም ሊሚት ይሆናል። ሌላ ወረቀት ደግሞ ከ 1/n ላይ «1, 1, 1, …» የሚለውን መርጦ 1/n ሊሚት እንደሌለው ሊያሳይ ሞክሯል። ድፍረቱ ደስ ቢያሰኝም 1 የሚገኘው በ n = 1 ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ደጋግሞ መውሰድ አይቻልም፤ የ «<» ምልክቱ የቆመው ይህን ለመከልከል ነው።

አሁን ካልኩሌተር የሚያሳስትበትን አንድ ድርድር ቀረብ ብለን እንይ፦ cₙ = cos(π√n)። በ n = 10000 ላይ √n = 100 ስለሆነ c₁₀₀₀₀ = cos(100π) = 1 ነው። በ n = 10001 ላይ ዋጋው 0.99988 ያህል፣ በ n = 10010 ላይም 0.98769 ያህል ነው። ከ n = 10000 እስከ n = 10010 ያሉትን አሥራ አንድ አባላት ብቻ ያየ ሰው ድርድሩ 1 አጠገብ ተረጋግቷል ሊል ይችላል። በተከታታይ አባላት መካከል ያለው ልዩነትም በእርግጥ ወደ 0 ይሄዳል፤ የኮሳይን ዋጋ ከማዕዘኑ ለውጥ በላይ ሊለወጥ ስለማይችል ልዩነቱ ከ π(√(n+1) − √n)፣ እሱም ከ π/(2√n) አይበልጥም። ነገር ግን n = 10201 ላይ ስንደርስ √n = 101 ይሆንና ዋጋው −1 ሆኖ ቁጭ ይላል። ማረጋገጫው አንድ መስመር ነው፦ nₖ = (2k)² ላይ cos(2kπ) = 1፣ mₖ = (2k + 1)² ላይ cos((2k + 1)π) = −1፤ ሁለቱ ሊሚቶች ስለሚለያዩ cₙ ሊሚት የለውም። ይህ ድርድር ከ cos(nπ/3) የሚለየው ዑደቱ ራሱ እየረዘመ መሄዱ ነው፦ ከ1 ወደ −1 ለመድረስ በ100ኛው ካሬ አካባቢ 201 እርምጃ ሲፈጅ በ1000ኛው ካሬ አካባቢ 2001 እርምጃ ይፈጃል። የተወሰነ ያህል አባል ቆጥሮ መፍረድ ዋጋ የሌለው ለዚህ ነው።

sin n ደግሞ ሌላ ዓይነት ችግር ያመጣል፤ እዚህ ላይ n ሙሉ ቁጥር ሆኖ sin n በትክክል 1 ወይም −1 የሚሆንበት ቦታ የለም። ትክክለኛ ዋጋ ማግኘት ካልቻልን ዋጋው የሚገኝበትን አካባቢ መያዝ ይበቃናል። sin x ≥ 1/2 የሚሆነው x በ [π/6 + 2πk, 5π/6 + 2πk] ውስጥ ሲሆን ነው፤ የዚህ ኢንተርቫል ርዝመት 2π/3፣ ማለትም ከ2 በላይ ስለሆነ በውስጡ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቁጥር አለ፤ እሱን nₖ እንበለው። በተመሳሳይ መንገድ በ [7π/6 + 2πk, 11π/6 + 2πk] ውስጥ sin mₖ ≤ −1/2 የሚሆንበት ሙሉ ቁጥር mₖ እናገኛለን። ኢንተርቫሎቹ እየራቁ ስለሚሄዱ መለያ ቁጥሮቹ ያድጋሉ። sin n ወደ S ቢሄድ ኖሮ ሁለቱም ንዑስ ድርድሮች ወደ S ይሄዱ ነበር፤ ከመጀመሪያው S ≥ 1/2፣ ከሁለተኛው S ≤ −1/2 ይገኛል፤ ይህ ሊሆን አይችልም። እዚህ ላይ ሁለቱ ንዑስ ድርድሮች ራሳቸው ሊሚት እንዳላቸው አላሳየንም፤ አላስፈለገንምም። ተለያይተው እንዲኖሩ የሚያስገድድ ክፍተት ማግኘታችን ብቻ በቂ ሆኗል። በእኔ ግምት ከዚህ ምዕራፍ ሁሉ በተግባር የሚጠቅመው ይኸኛው አጻጻፍ ነው።

ዘዴው ሁልጊዜ ይሠራል ወይ? አይሠራም። dₙ = n ሊሚት የለውም፤ ግን እያንዳንዱ ንዑስ ድርድሩ ያለ ገደብ ስለሚያድግ ሊሚት ያለው ንዑስ ድርድር አንድም አይገኝለትም። ድርድሩ የታጠረ ከሆነ ግን፣ ማለትም አባላቱ ሁሉ በሁለት ቋሚ ቁጥሮች መካከል የሚገኙ ከሆነ፣ ሊሚት የሌለው መሆኑ በዚህ መንገድ ሁልጊዜ ሊታይ ይችላል። aₙ የታጠረና ሊሚት የሌለው ይሁን። በቦልዛኖ–ቫየርሽትራስ ቲዎረም መሠረት ወደ አንድ L የሚሄድ ንዑስ ድርድር አለው። aₙ ራሱ ወደ L ስለማይሄድ |aₙ − L| ≥ ε የሚሆንባቸው መለያ ቁጥሮች ማለቂያ የሌላቸው የሆኑበት አንድ ε > 0 አለ። እነዚያን አባላት ብቻ ወስደን ቲዎረሙን ዳግመኛ ብንጠቀም ወደ አንድ M የሚሄድ ንዑስ ድርድር እናገኛለን፤ አባላቱ ሁሉ ከ L ቢያንስ በ ε ስለሚርቁ |M − L| ≥ ε ይሆናል፤ ስለዚህ M ≠ L። ቲዎረሙ ሁለቱ መኖራቸውን እንጂ የት እንዳሉ አይነግረንም፤ መለያ ቁጥሮቹን ፈልጎ ማግኘቱ የእኛ ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ eₙ = √n − ⌊√n⌋ የሚለውን ሥሩ፤ ⌊√n⌋ ማለት ከ √n የማይበልጠው ትልቁ ሙሉ ቁጥር ነው። በ n = k² ላይ ያለው ንዑስ ድርድር 0 ላይ ይቀራል፤ በ n = k² + k እና በ n = k² + 2k ላይ ያሉት ወዴት እንደሚሄዱ አስሉ። ይህን የጨረሰ ሰው በ0 እና በ1 መካከል ላለ ለማንኛውም ቁጥር ወደ እሱ የሚሄድ ንዑስ ድርድር ለመምረጥ ይሞክር።