ስለ ጥርና የካቲት ቀሪ የትምህርት ክፍያ

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ ጤና ይስጥልን።

ይህ መልእክት የጥር ወይም የየካቲት ክፍያ ለቀረባችሁ ነው። ጨርሳችሁ የከፈላችሁ እናመሰግናለን፣ ከዚህ በታች ያለው አይመለከታችሁም።

ወርሃዊው ክፍያ 2,800 ብር ነው፣ ሰርቪስ ለሚጠቀሙ ደግሞ 900 ብር ይጨመራል። የየልጁ ቀሪ ሂሳብ ዛሬ ጠዋት በወላጁ ስልክ በቴክስት ተልኳል። ቴሌግራም ግሩፑ ላይ የስም ዝርዝር አንለጥፍም።

እስከ ዓርብ መጋቢት 18 ድረስ ብትከፍሉልን መቀጮ የለውም። በንግድ ባንክም በቴሌብርም ይሆናል። አደራ፣ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ የልጁን ሙሉ ስምና ክፍል ጻፉ። አሁንም የማን እንደሆኑ ያላወቅናቸው ስድስት ገቢዎች አሉ፤ ምናልባት "ከፍዬ ሳለ ለምን ትጠይቁኛላችሁ" የምትሉት የእናንተ ይሆናል፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ለሂሳብ ክፍል ላኩልን፣ ወዲያው እናስተካክላለን።

አንድ ይቅርታም አለብን። ባለፈው ሴሚስተር ማስታወሻውን በፖስታ አሽገን ለልጆቹ ሰጠናቸው። እነሱ ባጃጅ ውስጥ ከፍተው "ያንተ ስንት ነው?" ሲባባሉ እንደነበር ከእናንተው ሰማን። ጥፋቱ የእኛ ነው። ከእንግዲህ የገንዘብ ጉዳይ በልጅ በኩል አይላክም። ክፍያ ስለዘገየም ልጅ ከክፍል አይወጣም፣ ሰልፍ ላይ ስሙ አይጠራም።

ወሩ ሁለቱ ጾም የተገናኙበት ነው፣ ኢዱም ፋሲካውም ከፊት ናቸው፣ የቤት ወጪ እንደሚበዛ አይጠፋንም። እኛም የመምህራን ደመወዝ የምንከፍለው ከዚሁ ገንዘብ ስለሆነ ነው የምናስቸግራችሁ።

ሥራ የቆመባችሁ፣ ሕመም ወይም ሐዘን የገጠማችሁ፣ ወይም ሁለት ሦስት ልጅ አንድ ላይ እያስተማራችሁ የከበዳችሁ ካላችሁ ምክትል ርዕሰ መምህሯን አነጋግሩ። ቢሯቸው ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ ጠዋት ይገኛሉ። መምጣት ካልተመቻችሁ በልጁ ኮሙዩኒኬሽን ቡክ ሽፋን ላይ ባለው ስልክ ደውላችሁ "ምክትሏን አገናኙኝ" በሉ፣ ለምን እንደፈለጋችኋቸው ማንም አይጠይቃችሁም። የቀበሌ ደብዳቤም ሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ክፍያውን እስከ ሰኔ ከፋፍሎ መክፈል ይቻላል፣ እሱም ካልሆነ ሌላ መንገድ አብረን እንፈልጋለን። የተነጋገራችሁት እዚያው ይቀራል።

ብቻ ከመጋቢት 18 በፊት ድምፃችሁን አሰሙን። ዝም ስትሉ ነው እኛም ግራ የሚገባን።

ከአክብሮት ጋር
ርዕሰ መምህሩ
ሀዋሳ፣ መጋቢት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.