የመቀነስ ምልክት

ትርንጎ የፊዚክስ መለማመጃውን ወረቀት በአልጋው ጫፍ ላይ ዘርግታ ስትቆጥር፣ ከ40ው ጥያቄ የሠራችው 17ቱን ብቻ ነበር። ፈተናው በማግሥቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ይጀምራል፤ መምህሩም ከፈተናው ጥያቄዎች ብዙዎቹ ቁጥራቸው ብቻ ተለውጦ ከዚሁ ወረቀት እንደሚወጡ ለክፍሉ ተናግረዋል። ብቸና ከተማ ዳር ከአክስቷ ልጅ ከስመኝ ጋር በተከራየቻት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ እናቷ ገበያተኛ አስይዛ የላከችላት የበሶና የዳቦ ቆሎ ስንቅ ከግድግዳው ሥር ተቀምጧል።

ስመኝ ከመተኛቷ በፊት ስልኳን ወረቀቱ ላይ አስቀምጣላት ነበር። «ምን ያሰቃይሻል? ፎቶ አንሽው፣ መተግበሪያው እስከ መልሱ ድረስ ሠርቶ ያሳይሻል። እኔ ሁሉንም በግማሽ ሰዓት ጨረስሁት» ብላት ወደ ግድግዳው ዞረች።

18ኛው ጥያቄ፣ በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ፣ የመሬት ስበት 10 ተብሎ ቢወሰድ፣ ምን ያህል ከፍታ እንደሚደርስ የሚጠይቅ ነው። ሦስት ጊዜ ሠርታው ሦስቱንም ጊዜ −20 ሜትር ወጣላት። ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ 20 ሜትር ወደ መሬት ውስጥ ሲገባ እያየች፣ ስህተቱ የት እንዳለ ግን አልታይ አላት።

ስልኩን አነሣች። ሰዓቱ ከምሽቱ 4 አልፏል፤ የቀሩት 23 ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው 10 ደቂቃ ቢወስዱ ከ8 ሰዓት በፊት እንደማትተኛ አሰላች። ደግሞም ይህ የፈተና ወረቀት አይደለም፣ መለማመጃ ነው፤ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ አይቶ መማርስ ምን ነውር አለው? እንዲህ ባለው ሰዓት የሚመጣ ሐሳብ ሁሉ የስንፍና አይደለም፤ የደከመ ሰው ሐሳብም እውነት ይኖረዋል። ጥያቄውን በካሜራው መሐል አስተካክላ ልትጫን ስትል ግን 6ኛው ጥያቄ ትዝ አላት።

6ኛውን ከሦስት ቀን በፊት በዚሁ ስልክ ፎቶ አንሥታ፣ የመጣላትን አሠራር በደብተሯ በጥሩ ጽሕፈት ገልብጣው ነበር። ስልኩን አስቀምጣ ደብተሩን በመዳፏ ከለለችና ጥያቄውን ብቻ እያየች ልትሠራው ሞከረች። የመጀመሪያውን መስመር ጻፈች፤ ከዚያ በኋላ ቀለሟ ደረቀ። መዳፏን አንሥታ የራሷን ጽሕፈት ብታነበው፣ ሁለተኛው መስመር ከየት እንደመጣ መናገር አልቻለችም።

አባቷ በልጅነቱ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሲማር የሆነውን ደጋግሞ ያወራላት ነበር። አንድ ቀን ቅኔ የሚያወጣበት ቆጠራ አልመጣ ቢለው፣ ከእሱ የቀደመ ተማሪ ያቀበለውን ጉባኤ ቃና ይዞ ማታ ከየኔታ ፊት ቀረበ። ቅኔው ያማረ ነበር፤ የኔታም አዳምጠው «በል ልጄ፣ ፍታው» አሉት። አባቷ ከዚህ በኋላ ያለውን አይነግራትም፤ እዚህ ሲደርስ ሁልጊዜ ዝም ይላል።

ትርንጎ ስልኩን አጥፍታ ከስመኝ ትራስ ሥር መለሰችውና 18ኛውን ከባዶ ገጽ ጀመረች። አሁን ቀመሩን ከመጻፏ በፊት ድንጋዩን ሣለች፤ ከጎኑ ወደ ላይ የሚሄድ ቀስት፣ ከላዩ ደግሞ ወደ ታች የሚጎትት ቀስት። ሁለቱ ቀስቶች ሲቃረኑ ባየች ጊዜ እጇ ቆመ። ሦስቱንም ጊዜ v² = u² + 2gh ብላ ነበር የጻፈችው፤ ስበቱ ግን ድንጋዩን ያዘገየዋል እንጂ አያፈጥነውም። በመደመሪያው ፈንታ የመቀነስ ምልክት አድርጋ 0 = 400 − 20h ብላ ብታሰላው፣ ድንጋዩ 20 ሜትር ወጣ። አንድ ምልክት ነበር የጎደላት፤ መልሱን ፎቶ አንሥታ ብታገኘው ኖሮ 20 የሚለውን ይዛ ታልፍ ነበር፣ ያቺ መደመሪያ ግን ነገም በእጇ ላይ ትቆይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ጥያቄዎች በዚሁ የቀስት ሥዕል ቶሎ ቶሎ ተፈቱላት። 22ኛው እምቢ አላት፤ በእርሳስ ከበበችውና አለፈችው። 26ኛውንም ከበበች። ጠዋት መምህሩ ወደ ክፍል ከመግባታቸው በፊት በር ላይ ጠብቃ ሁለቱን ልትጠይቃቸው አሰበች፤ ካልደረሰችም ሳትሠራቸው ለፈተናው ትቀመጣለች። 6ኛውን ጥያቄ ደግሞ ከደብተሯ ላይ በሁለት መስመር ሰርዛ፣ ከሥሩ ቀስቶቹን መሣል ጀመረች።