የጠየቁኝ የሥራ ናሙናዎች፦ ለግራፊክ ዲዛይነር ቦታው (ሄኖክ)

ሰላም ወ/ሮ ሰብለ፣ እንደምን ዋሉ?

ትናንት በስልክ እንዳወራነው ናሙናዎቹን ልኬያለሁ። ሦስት ሥራዎች ናቸው፣ ሁሉም አያይዤ በላክሁት አንድ ፒዲኤፍ ውስጥ አሉ። ሌሎቹን ማየት ከፈለጉ ይህን ይጫኑ፣ ያለ ፓስወርድ ይከፈታል፣ በስልክም ደህና ይታያል፦

የሄኖክ ፖርትፎሊዮ (ጎግል ድራይቭ)

ጊዜ ካጠረዎት የመጀመሪያውን ብቻ ይዩልኝ። እናንተ ማሸጊያ ላይ የሚሠራ ሰው እንደምትፈልጉ ስለነገሩኝ ሆን ብዬ ነው ያስቀደምኩት።

1. የቡና ከረጢት (ገጽ 2–7)

ደንበኛው ቡና ቆልቶ የሚሸጥ አነስተኛ ድርጅት ነው። ይርጋጨፌ፣ ጉጂና ሊሙ፣ ሦስቱም በ250 ግራም። ለእያንዳንዱ የተለየ ከረጢት ማሳተም ለአቅሙ ከባድ ስለነበር አንድ ከረጢት ብቻ ሠራሁና የቡናውን ዓይነት የሚነግረው ፊት ለፊት የሚለጠፈው ስቲከር እንዲሆን አደረግሁ፤ አዲስ ቡና ሲጨምር ስቲከር ብቻ ያሳትማል ማለት ነው።

ከረጢቱ ቡናማ ክራፍት ወረቀት ነው። ክራፍት ደግሞ ስክሪን ላይ የሚያምረውን ቀለም ሁሉ ያጠቁረዋል። ቢጫው ጭቃ፣ ቀዩም ጡብ ይመስላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ በቀጥታ የሚታተመውን በጥቁር ብቻ ወስኜ፣ ቀለሙን በሙሉ ወደ ነጩ ስቲከር አዛወርኩት። ገጽ 5 ላይ ስክሪኑ ላይ የነበረውንና ታትሞ የወጣውን ከረጢት ጎን ለጎን አስቀምጫለሁ። ፎቶው በስልክ የተነሳ ነው፣ ምንም አልተነካካም።

ገጽ 6ን ትንሽ አተኩረው ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል። አማርኛና እንግሊዝኛ በአንድ መስመር ሲቀመጡ፣ በተመሳሳይ ነጥብ ከተጻፉ ብዙ ጊዜ አማርኛው ገዝፎ ይታያል፣ ምክንያቱም የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር ስለሌለው ከእንግሊዝኛው ትንንሽ ፊደላት በላይ ይቆማል። አንዳንዱ ዲዛይነር አማርኛውን ጨፍልቆ ይገላገለዋል፤ እኔ ይህን አልወድም፣ የ«ጨ» እና የ«ጩ» ልዩነት የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። መጠኑን ብቻ ቀነስኩ፣ ቅርጹን አልነካሁም፣ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ክፍተትም አሰፋሁ። የተጠቀምኩት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ነው። ነፃ ስለሆነና ብዙ ዓይነት ውፍረት ስላለው ደንበኛው ራሱ በኋላ ዋጋ መቀየር ቢፈልግ አይቸገርም።

2. የሬስቶራንት ሜኑ (ገጽ 8–10)

የጾምና የፍስክ ምግብ በሁለቱ ጎን የታተመበት አንድ ካርድ ነው። ረቡዕና ዓርብ ይገለበጣል፣ አለቀ። እንደ ዲዛይን የሚያስደንቅ ነገር የለውም፣ ግን አስተናጋጆቹ «ይሄ የጾም ነው ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ከመመለስ አርፈዋል ብለው ስለነገሩኝ አስገባሁት። የምግቦቹ ፎቶዎች የእኔ አይደሉም፣ ቤቱ የቀጠረው ፎቶግራፈር ያነሳቸው ናቸው።

3. የእንቁጣጣሽ የሶሻል ሚዲያ ፖስቶች (ገጽ 11–12)

በመስከረም ሁሉም ሰው አደይ አበባ ይለጥፋል፣ ስለዚህ አደይ አበባውን ትቼ በእንግጫ ሠራሁት። ቴሌግራም ላይ በትንሹ ሲታይም እንዲነበብ ጽሑፉ ከአምስት ቃል አይበልጥም። ሥዕሉ የራሴ ነው፣ በኢሉስትሬተር።

አንድ ነገር ልጨምር። ለአንድ ደንበኛ የሠራሁት ሙሉ የብራንድ ሥራ አለ፣ ግን ገና ለገበያ ስላልወጣ ሊንኩ ውስጥ አያገኙትም። ደንበኛውን አስፈቅጄ በአካል ስንገናኝ ላሳይዎት እችላለሁ፣ ፋይሉን ግን መላክ አልችልም።

ለማተሚያ ቤት የሚሄደውን ፋይል የማዘጋጀው ራሴ ነኝ፦ በሲኤምዋይኬ፣ በየጎኑ 3 ሚሊሜትር የመቁረጫ ትርፍ አስቀርቼ፣ ፊደላቱንም ወደ ቅርጽ ቀይሬ። የመጨረሻው ነገር በተለይ ለአማርኛ ግድ ነው፤ ማሽኑ ላይ ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ቁጭ ይላል። የከረጢቱን ክፍት ፋይል ማየት ከፈለጉ ይንገሩኝ፣ ሌየሮቹ በስም የተደረደሩ ናቸው።

የሙከራ ሥራ እንደምትሰጡ ነግረውኛል፣ ችግር የለም። ዝርዝሩን እስከ ረቡዕ ከላኩልኝ ቅዳሜና እሁድን ልሠራበት እችላለሁ። ለቃለ መጠይቅ ሐሙስ ከሰዓት ወይም ዓርብ ጠዋት ይመቸኛል።

ፒዲኤፉ አልከፈት ካለ በቴሌግራም እልከዋለሁ። ስልኬ ያው ትናንት የደወሉበት ነው።

አመሰግናለሁ፣
ሄኖክ