የእማዬ ነገር፦ የጋሼ ጽሑፍ በሁለት ዓምድ

ጋሼ፣ አቡሽ፣ ሚሚ፤ እንደምን ሰነበታችሁ።

እማዬ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ እኔ ጋ ትምጣ ወይስ አትምጣ በሚለው ላይ ረቡዕ ማታ ጋሼ በቤተሰብ ግሩፓችን የጻፈውን ሁላችንም አንብበናል። አቡሽ «እትዬ፣ ሦስት ጊዜ አንብቤው ወደ የትኛው እንደሚያደላ አልያዝኩም» ብሎ ደወለልኝ። ሚሚ ደግሞ ለእማዬ በስልክ ልታነብላት ጀምራ መሀል ላይ እንባ ቀደማት። ጋሼ ያሰበውን አንድም ሳያስቀር ነው ያሰፈረው፤ እንዲህ አድርጎ ለእናቱ የሚያስብ ወንድም ስላለን ደስ ይለኛል። ግን ጥቅሙና ጉዳቱ እንደ ገመድ ተገምዶ ስለመጣ አንዱን ስንይዝ ሌላው ይጠፋብናል። ስለዚህ ትናንት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ ብዬ ለየሁት። መጀመሪያ የጋሼን ቃል እንዳለ አስቀምጣለሁ፤ ያጎደልኩት ወይም ያጣመምኩት ካለ ራሳችሁ አመሳክሩ።

«እማዬ አዲስ አበባ ብትገባ ሐኪም ቅርብ ነው፣ ስኳሯንና ደም ግፊቷን በየጊዜው እናስለካለን፣ ሐምሌ 12 ሌሊት ግቢ ውስጥ አዳልጧት ወድቃ እስኪነጋ ማንም እንዳልሰማት ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ እህታችን ጋ ብትሆን ቢያንስ ሌሊት ሰው አለ፣ የልጅ ልጆቿንም ታያለች፤ ግን ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም፣ ጉልበቷን ደግሞ ታውቃላችሁ፣ በ2014 በጦርነቱ ጊዜ መጥታ አራት ወር ስትቀመጥ ቤተ ክርስቲያን የሄደችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ የደሴ ብርድና የክረምቱ ጉም ግን ለጉልበቷ አይሆንም፣ እኔም የምልከው ገንዘብ ለሁለት ቤት ከሚከፋፈል አንድ ቦታ ቢሆን ይሻላል፣ ቤቱንም ሙሉውን ብናከራየው ከሁለቱ ሰርቪሶች የሚገኘው 6,000 ብር 15,000 ሊደርስ ይችላል፣ ግን አባባ በእጁ የሠራው ቤት ነው፣ ተከራይ እንዴት እንደሚይዘው አይታወቅም፤ እድሯም 31 ዓመት የከፈለችበት ነው፣ ‹ቀባሪዬን ጥዬ የት ልሂድ› ትላለች፣ የመድኃኔዓለም ማኅበሯ አለ፣ እትዬ ዘሀራ አለች፣ ሁለቱ በረካ ሳይጠጡ ውለው አያውቁም፤ ግን ሰውስ ምን ይለናል፣ አራት ልጅ ወልዳ ብቻዋን ወደቀች ሲባል፤ ቀን ቀን ግን እዚያም ብቻዋን ናት፣ እህታችንና ባሏ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት፤ ሐኪም ግን ቅርብ ነው፣ የጤና መድኗ ግን የደሴ ነው፣ እንግዲህ እናንተም አስቡበት።»

ይኸው በሁለት ዓምድ። እያንዳንዱ ለማን እንደሚበጅ ወይም ማንን እንደሚጎዳ በቅንፍ አስገብቻለሁ፤ ይህ ከእኔ የተጨመረ ነው።

| እማዬ አዲስ አበባ ብትገባ የሚበጀው | እማዬ አዲስ አበባ ብትገባ የሚጎዳው |
|---|---|
| ሌሊት ብትወድቅ ወይም ብትታመም የሚሰማት ሰው አለ። (ለእሷም ለእኛም) | ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። ደረጃው 72 ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። (እሷን) |
| ስፔሻሊስት ሐኪም እንደ ልብ ይገኛል። (ለእሷ) | የጤና መድኗ የተመዘገበው ደሴ ነው፤ የስኳርና የግፊት ክትትሏም እዚያው ነው። እዚህ በግል እየከፈልን እናሳክማታለን። (እሷንም እኛንም) |
| ከደሴ ብርድ፣ ከክረምቱ ጉምና ከሚያዳልጠው ግቢ ትርቃለች። (ለእሷ) | ትምህርት ቤት ሲከፈት ከጠዋቱ 1፡30 እስከ ማታ 11፡30 ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት። (እሷን) |
| የልጅ ልጆቿ አጠገቧ ያድጋሉ። (ለእሷም ለልጆቹም) | ከደረጃው የተነሣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይቸግራታል፤ በ2014 በአራት ወር ውስጥ የሄደችው ሁለት ጊዜ ነው። (እሷን) |
| ጋሼ የሚልከው ገንዘብ ለሁለት ቤት አይከፋፈልም። (ለእኛ) | 31 ዓመት ከከፈለችበት እድር ትለያለች። «ቀባሪዬን ጥዬ የት ልሂድ» ያለችው ይህን ነው። (እሷን) |
| ቤቱ ሙሉውን ቢከራይ 6,000 የነበረው ኪራይ 15,000 ብር ሊደርስ ይችላል። (ለእኛ) | የመድኃኔዓለም ማኅበሯ ይቀርባታል። (እሷን) |
| | እትዬ ዘሀራን ታጣለች፤ የየቀኑን ቡናም። (እሷን) |
| | አባባ የሠራው ቤት በተከራይ እጅ ይገባል። (እሷንም እኛንም) |

አሁን ስለ አለያየቴ ጥቂት ልበል፤ ያለ ምክንያት የነካሁት የለም።

ጋሼ፣ «ሐኪም ቅርብ ነው» የሚለውን ሁለት ጊዜ ጽፈኸዋል። ሁለት ጊዜ ሲነበብ ሁለት ጥቅም ይመስላል፤ አንድ ስለሆነ አንድ ጊዜ ብቻ አስገባሁት። ቃሉንም ለውጫለሁ፣ ይህን በግልጽ ልንገርህ። ደሴ እማዬ ከቤት ወጥታ በባጃጅ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሆስፒታል ትደርሳለች። ከእኔ ቤት፣ ከጀሞ፣ መጀመሪያ 72 ደረጃ መውረድ አለባት፤ ከዚያ በኋላ የመንገዱ መጨናነቅ አለ። ስለዚህ «ቅርብ» የሚለው ለእሷ እውነት አይደለም። እውነት የሆነው ለልብ ወይም ለዓይን ስፔሻሊስት ቢያስፈልጋት እዚህ መብዛታቸው ነው፤ የጻፍኩትም ይህን ነው።

«እንቅልፍ አይወስደኝም» ያልከውንና «ሰው ምን ይለናል» ያልከውን በሠንጠረዡ ውስጥ አላስገባሁም። ችላ ብያቸው እንዳይመስልህ። ሐምሌ 12 ካለፈ ጀምሮ እኔም ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የምተኛው። ግን የእኛ ጭንቀት እማዬ ቤቷን የምትለቅበት ምክንያት ሆኖ ሲጻፍ አላስችል አለኝ። ጭንቀቱ የመጣው ሌሊት የሚሰማት ሰው በማጣቷ ነው፤ እሱ ደግሞ በመጀመሪያው መስመር ላይ ሰፍሯል። የሰው አፍ ግን በየትኛውም ዓምድ ቦታ ሊኖረው አይገባም። መጥታም ብትከፋ ያው ሰው ይናገራል።

ቤቱን በሚመለከት የኪራዩን ገቢ በግራ፣ የቤቱን መጎዳት በቀኝ ለያይቼ አስቀመጥኩት። ጋሼ በአንድ ዐረፍተ ነገር «ግን» ብሎ አያይዟቸው ስለነበር አንዱ ሌላውን ያጣፋ ይመስል ነበር። 15,000ው ግምት መሆኑንም አትርሱ፤ አቡሽ ኮምቦልቻ ስለሆነ ቅዳሜ ወደ ደሴ ብቅ ሲል ደላላ ጠይቆ ትክክለኛውን ያምጣልን።

ለይቼ ስጨርስ ያየሁትን ካልነገርኳችሁ ሥራዬ ጎደሎ ነው። በቅንፍ ያሉትን ብቻ ከላይ እስከ ታች አንብቡ። በግራ በኩል ሁለቱ መስመሮች ሙሉ በሙሉ የእኛ ናቸው፤ ሁለቱም ስለ ገንዘብ ናቸው። በቀኝ በኩል ግን እሷን የማይነካ አንድም የለም። የምንጠይቃት ሁሉ ከራሷ ሕይወት ተቆርሶ የሚሰጥ ነው። እኔ እስከ ትናንት ድረስ «ትምጣ» ባይ ነበርኩ፤ መኝታዋን እንኳ ሳይቀር አስቤ ነበር። ቀኝ እጄ ያንን ዓምድ እየጻፈ ሲወርድ ነው ልቤ የተመለሰው።

ሌላም ነገር አለ። በግራ ያለውን ለብቻው ስታዩት ከባዱ የክረምት ነው። ብርዱ የክረምት ነው፣ ጉሙ የክረምት ነው፣ ያዳለጣት ጭቃ የክረምት ነው። ከቀኝ ደግሞ «ቀን ብቻዋን ናት» የሚለውን ተመልከቱ፤ ሐምሌና ነሐሴ ልጆቹ ትምህርት ስለሌላቸው ቤት ናቸው። በክረምት ያ መስመር ይሰረዛል ማለት ነው። እንግዲህ እኛ የጠየቅነው «ትምጣ ወይስ አትምጣ» ብለን ነው፤ ሠንጠረዡ ግን «መቼ ትምጣ» የሚል ሦስተኛ ጥያቄ አመጣብኝ። ሰኔ መጨረሻ ላይ አቡሽ ይዟት ቢመጣ፣ ለመስቀል ወደ ቤቷ ብትመለስስ? እድሯን አታቋርጥም፤ በሌለችበት ወር አቡሽ እየከፈለ ይቆያል፣ ይህን የእድሩን ዳኛ አስቀድሞ ቢያማክርልን ጥሩ ነው። ተከራዮቹ ባሉበት ይቆያሉ፣ ቤቱም አይዘጋም። መድኃኒቷን ለምትቆይባቸው ወራት ይሰጧት እንደሆነ ክትትል ስትሄድ ትጠይቅ።

ይህ ሁሉንም አይፈታም። 72ቱ ደረጃ ክረምትም በጋም 72 ነው። በጋውን ሌሊት ማን ይሰማታል የሚለውም ይቀራል። ለእሱ እኔ የማስበው አብራት የምታድር ልጅ መቅጠር ነው፤ ደሞዟን ጋሼ ከሚልከው ላይ አንሥተን ብንሰጥ፣ «ለሁለት ቤት ይከፋፈላል» የተባለው ገንዘብ ቢያንስ ለምን እንደሚከፋፈል እናውቃለን። ከተከራዮቹ አንዷ፣ ነርሷ፣ ሌሊት የእማዬን በር ብታንኳኳላት እማዬ ደስ ይላታል፤ ነርሷንም አቡሽ ያነጋግራት። ግቢው ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ ሲሚንቶ ይደረግበት። ይህ እማዬ ብትመጣም ባትመጣም መሠራት አለበት፤ እኔ የድርሻዬን ነገ እልካለሁ።

የመስመሩ ብዛት እንዳያታልለን። ቀኝ ስምንት፣ ግራ ስድስት ስለሆነ ቀኝ አሸነፈ ማለት አይደለም። ሌሊት ወድቆ ማደር አንድ መስመር ነው፤ እትዬ ዘሀራም አንድ መስመር ናት። ስለዚህ እያንዳንዳችን ከሁለቱም ዓምድ በጣም ይከብዳል የምንለውን ሦስት ሦስት መርጠን እንምጣ። አስቀድመን አንነጋገርበት፤ አንዳችን የሌላችንን እንዳንከተል።

ስብሰባችን እሑድ ነሐሴ 25 ቀን 2017 በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ለጋሼ ሜሪላንድ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ለሚሚ ዱባይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሆናል። አቡሽ ያን ቀን እማዬ ጋ ሁን። ከሰዓት በፊት ቡና ተፈልቶ እትዬ ዘሀራም ባለችበት ሠንጠረዡን ቀስ ብለህ አንብብላት፤ መጀመሪያ የቀኙን፣ ቀጥሎ የግራውን። የቀኙን ስታነብ አስተያየት አትጨምር። እሷ «ይህ ቀርቷል» የምትለውን በራሷ ቃል በየዓምዱ ሥር ጻፈው፤ «ይህስ ውሸት ነው» የምትለውንም ሰርዘው።

ማታ ስንደዋወል መጀመሪያ የምትናገረው እሷ ናት። ጋሼ፣ አንተ ታላቃችን ነህና ይህን ሥርዓት አንተ አስጀምርልን፤ «እማዬ፣ አንቺ ቅደሚ» ብትላት ከእኔ አፍ ይልቅ ካንተ ትቀበላለች።

እህታችሁ፣ ከጀሞ