ውድድሩ አለቀ፣ ምስጋናው ቀረ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ክረምቱ ሳይጠናብን ውድድሩ አለቀ፣ ተመስገን። የየካ አባዶ ሜዳችን ዝናብ ሲመታው ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ።

ውጤቱን ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ። ዋናው ቡድን ከ14 ጨዋታ 7 አሸንፎ፣ 4 አቻ ወጥቶ፣ 3 ተሸንፎ በ25 ነጥብ ሦስተኛ ሆኗል። ሁለተኛ የወጡት የጣፎ ልጆችም ነጥባቸው 25 ነው፤ በግብ ክፍያ በለጡን። የሚያበሽቀኝ ግን ሌላ ነው። ሦስቱንም የተሸነፍነው ከእረፍት በኋላ በገቡብን ጎሎች ነው። አራብሳ ላይ 2 ለ 0 እየመራን ለእረፍት ወጥተን 3 ለ 2 ተሸንፈን መጣን፤ እዚያ አቻ እንኳ ብንወጣ ኖሮ ሁለተኛ ነበርን። ዳኛው ነው የበላን የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም፣ ትንፋሽ አለቀብን፣ በቃ። አሰልጣኛችን ክረምቱን ዳገት አስሮጣቸዋለሁ ብሏል፤ የምታኮርፉ ካላችሁ ከአሁኑ አኩርፉ።

ታዳጊዎቹ አራተኛ ናቸው፣ ደህና ነው። ሴቶቹ ዘንድሮ ገና መጀመራቸው ነበርና ከ8 ጨዋታ 7 ተሸንፈዋል። በመጨረሻው ጨዋታ ግን ሊያልቅ ሲል አቻ የምታደርገዋን ጎል ሲያገቡ ሜዳው ዳር የነበረው ጩኸት፣ ዋናው ቡድን ዓመቱን ሙሉ ያላገኘው ነው።

አሁን ወደ ምስጋናው። ሁላችንም እማማ የምንላቸው የማሊያችን እናት፣ ውሃ በፈረቃ መሆኑን እያወቁ፣ ሌሊት ሲመጣ ተነስተው በጀሪካን ቀድተው ያጥቡልን ነበር። የ7 ቁጥር እጅጌ ተቀዶ በቀይ ክር የተሰፋውን አይታችኋል? ሰማያዊ ክር አልቆባቸው ነው፣ ልጁ ደግሞ አሁን ይቀየርልህ ቢሉት እሺ አይልም። እማማ፣ እድሜ ይስጥልን!

እሁድ እሁድ በጠዋት በተበሳ ጣሳ ኖራ እየነሰነሱ መስመር ያሰመሩልን ሁለቱ ወንድሞች፣ አንዳንዴ መስመሩ ትንሽ ቢጠምም፣ ተባረኩ። የነዳጅ ብቻ ተቀብሎ በሚኒባሱ ያመላለሰን ሹፌር፣ በእሁድ ገበያው ከእኛ ያጣውን እሱ ነው የሚያውቀው። ከአዳር ተረኛነት ወጥታ ሳትተኛ ሜዳ ዳር ቁጭ ትል የነበረችው ነርሳችን፣ በረኛው ቁርጭምጭሚቱ ሲዞር ማን ቀድሞ እንደደረሰ ሁላችሁም አይታችኋል። መዋጮ ስትሰበስቡ ፊት የጠቆረባችሁም አልተረሳችሁም።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ውሃው የሚተኛበትን የሜዳውን የታች ጥግ ቦይ እናወጣለታለን። አካፋና ዶማ ያለው ይዞ ይምጣ፣ የሌለው ጉልበቱን። ምዝገባ ከመስቀል በኋላ ነው። ማሊያ ያልመለሳችሁ ሦስት ልጆች፣ ማን እንደሆናችሁ እናውቃለን፤ አጥባችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ለእማማ ጭቃውን እንዳትሰጧቸው።